ሌላ ሰው ባጠፋው ጥፋት ድረ ገጽ ለምን በእኔ ላይ ይዘጋል?

ጥያቄ፦ «ደሴ የምኖር መምህር ነኝ። ቤት ፋይበር አስገብተናል። ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ የተጻፈውን ላርም ስል አይፒ አድራሻህ ታግዷል ይለኛል። አንድ የመኪና መለዋወጫ መሸጫ ድረ ገጽ ደግሞ Error 1006 ብሎ ጭራሽ አይከፍትልኝም። ሁለቱም ላይ ያጠፋሁት ነገር የለም። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። ራውተሩ ውስጥ WAN IP የሚለው 100.72.15.8 ነው፤ ከውጭ ግን ሌላ ቁጥር ነው የሚታየው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ አብሽሩ፣ ከጻፉት ሁሉ ቋጠሮውን የሚፈታው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ቁጥር ነው። በ100.72 የሚጀምር አድራሻ እርስዎን ይዞ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ አድራሻ አይደለም። ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል በ2012 ለኔትወርክ አቅራቢዎች የውስጥ አገልግሎት ተብሎ ለብቻው የተለየ ነው። የእርስዎ ራውተር ይህን የውስጥ ቁጥር ይይዛል፤ የአቅራቢው ትልቅ መሣሪያ ደግሞ የብዙ ቤቶችን ግንኙነት ሰብስቦ በአንድ የውጭ አድራሻ ያወጣል። ድረ ገጾቹ የሚያዩት ያንን የውጭውን ብቻ ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እንደሚሆነው ነው። መብራት ኃይል የሚያውቀው ቆጣሪውን እንጂ ማን ምጣድ እንደጣደ አይደለም፤ ሒሳቡ ካልተከፈለ የሚቆረጠው የአራቱም ነው። አንድ የውጭ አድራሻ ፖርት የሚባሉ 65,536 የግንኙነት በሮች አሉት። አቅራቢው ለእያንዳንዱ ቤት ለምሳሌ 1,024 ፖርት ቢመድብ በዚያ አንድ አድራሻ ላይ ከ60 በላይ ቤት ይሰፍራል ማለት ነው። ስለዚህ እርስዎ የተሸከሙት ትናንት አድራሻውን የያዘውን ሰው ዕዳ ብቻ አይደለም። አሁን በዚህ ደቂቃ ከእርስዎ ጋር ተጋርቶት ያለውን ሰው ዕዳም ተሸክመዋል።

ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት አንዳንዴ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ራውተሩ እንደገና ሲገናኝ አዲስ የውስጥ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፣ ለምሳሌ 100.72.19.31። የውጭው ግን የሚመደበው ለብቻው ነው፤ ሊለወጥም ላይለወጥም ይችላል። WAN IP ተቀይሮ ሲያዩ «ተሳካ» ብለው ይደሰታሉ፣ ድረ ገጹ ግን እንደተዘጋ ነው። መታየት ያለበት የውጭው ነው። ኮምፒዩተር ላይ Command Prompt ወይም Terminal ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
curl -4 https://api.ipify.org
```

ስልክ ላይ ከሆነ api.ipify.org የሚለውን ብሮውዘር ላይ መክፈት ይበቃል። ከማጥፋትዎ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ካበሩ በኋላም ያነጻጽሩ። ያው ከሆነ ድረ ገጹን እንደገና መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

አጠፋፉም ልዩነት አለው። የፋይበር መስመሩ በይለፍ ስምና ቃል የሚገናኝ ከሆነ (ራውተሩ ገጽ ላይ PPPoE የሚል ያያሉ) ሶኬቱን ነቅለው ወዲያው ሲሰኩት ማዶ ያለው ሰርቨር መሄድዎን ገና አላወቀም። የድሮው ግንኙነት ክፍት እንደሆነ ይቆጥራል፤ መልስ ማጣቱን አረጋግጦ እስኪዘጋው ደቂቃዎች ይወስድበታል። ስለዚህ ከሰኮንዶች ይልቅ ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ጠፍቶ ይቆይ። ከራውተሩ ገጽ ውስጥ Disconnect የሚል ካለ እሱ ይሻላል፤ ራውተሩ ራሱ «ሄጃለሁ» ብሎ ስለሚሰናበት አድራሻው ወዲያው ይለቀቃል። ደሴ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ድረ ገጹ በራሱ የተከፈተበት ቀን ካለም ምክንያቱ ይኸው ነው። የሰፈሩ ራውተር ሁሉ አንድ ላይ ጠፍቶ አንድ ላይ ሲመለስ ምደባው ከሥሩ ይበወዛል። በዚያው ልክ ደህና የነበረው አድራሻዎ ሄዶ የታገደ ሊደርስዎትም ይችላል።

እንግዲህ ይህ ዕጣ ነው፤ በዕጣ ደግሞ ሥራ አይሠራም። ሁለቱን እገዳዎች ለየብቻ እንያቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንምና።

ዊኪፔዲያን ማንበብ እንዳልተከለከሉ አስተውለው ይሆናል፤ የተዘጋው ማረም ብቻ ነው። የሚወጣውን መልእክት ብዙ ሰው «ታግዷል» የሚለውን አይቶ ይዘጋዋል፤ መፍትሔው ግን ከዚያ በታች ነው ያለው። አራት ነገር ይፈልጉ፦ ማን እንዳገደው፣ የታሰበው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ እና በ# የሚጀምረውን የእገዳ ቁጥር። ሙሉውን ገጽ ስክሪንሾት ያድርጉት፤ በኋላ ይፈለጋል።

«የታሰበው» በሚለው ቦታ አንድ አድራሻ ብቻ ካለ፣ ለምሳሌ 203.0.113.45 (ይህ ለምሳሌ ብቻ የተቀመጠ ቁጥር ነው)፣ ያንን አድራሻ መቀየር ይበቃል። 203.0.113.0/24 የሚል ከሆነ 256 አድራሻ ባንዴ ታግዷል። መጨረሻው /16 ከሆነ ደግሞ 65,536 ነው፤ ዊኪፔዲያ በአንድ እገዳ የሚያጥረው ትልቁ ክልልም ይኸው ነው። በ/16 ውስጥ ሆነው ራውተር እያጠፉ ማብራት ከጦሳ ተራራ ለመውጣት ተራራው ላይ መዞር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢደጋግሙት እዚያው አጥር ውስጥ ነዎት።

መልእክቱ አድራሻው በቅርቡ የታገደ ሌላ ተጠቃሚ የተጠቀመበት በመሆኑ በራሱ ጊዜ ታገደ የሚል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው፤ አንድ አካውንት ሲታገድ መጨረሻ የተጠቀመበትን አድራሻ ለ24 ሰዓት ይዘጋል። ማንንም መለመን አያስፈልግም፣ እስከ ነገ ይቆዩ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያወዛግብ አንድ ነገር አለ። የውጭ አድራሻው በእርግጥ ተቀይሯል፣ ዊኪፔዲያ ግን አሁንም «ታግደሃል» ይላል። እገዳው በአድራሻው ብቻ ሳይሆን ብሮውዘሩ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ኩኪም ይከተላልና ነው። ሰውየው አድራሻ ቀይሮ እንዳያመልጥ የተበጀ ዘዴ ነው፣ ዕድሜዋ ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። እርስዎ የታገደው ሰው ስላልሆኑ የዊኪፔዲያን ኩኪዎች ከብሮውዘሩ አጥፍተው እንደገና ቢገቡ ነውር የለውም። ችግሩ ኩኪ ይሁን አድራሻ ለመለየት በዚያው መስመር የግል መስኮት ከፍተው ይሞክሩ። የግል መስኮቱ ከሠራ ኩኪ ነበር፤ እሱም ካልሠራ አድራሻው ነው።

ዘላቂው መፍትሔ ግን አካውንት ነው። በተለይ ብዙ ሰው የሚጋራቸው አድራሻዎች ላይ የሚጣለው እገዳ ብዙ ጊዜ ሳይመዘገቡ ለሚያርሙ ብቻ ነው፤ በአካውንት የገባ ሰው ያልፋል። መያዣው እዚህ ነው፦ ከታገደው አድራሻ አዲስ አካውንት መክፈትም አብሮ ይከለከላል። ስለዚህ አካውንቱን ከሌላ መስመር ይክፈቱት፣ ከትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ወይም ወልድያ ካለ ዘመድ ቤት፤ ከዚያ ቤት መጥተው በእሱ ይግቡ። የስልክ ዳታም ይሞከራል፣ ግን ብዙ ተስፋ አይጣሉበት፤ የሞባይል አድራሻ ከፋይበሩም በላይ በብዙ ሰው የሚጋራ ስለሆነ እሱም ታግዶ ሊያገኙት ይችላሉ። የኢሜይል አድራሻ ማስገባትዎን አይርሱ፤ ያለሱ የይለፍ ቃል ቢጠፋ መመለሻ የለም።

በአካውንት ገብተውም ካልሆነ እገዳው ጠንካራው ዓይነት ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ብቻ ከሆነ የሚያነሳው የአማርኛው አስተዳዳሪ ነው፤ በራስዎ አካውንት የውይይት ገጽ ላይ የእገዳውን ቁጥር ጠቅሰው ይጠይቁ። መልእክቱ በሁሉም ዊኪዎች ላይ መታገዱን ከገለጸ ግን የአማርኛው አስተዳዳሪ ብዙ አይረዳዎትም። ያንን የሚይዙት ስቲዋርድ የሚባሉት ናቸው፤ በstewards@wikimedia.org ይጻፉላቸው። እገዳው ይነሳ ከሚሉ ይልቅ ለአካውንትዎ ከአይፒ እገዳ ነጻ መሆን ይፈቀድ ቢሉ ይሻላል። አጥሩን ለ65,536 አድራሻ ከማፍረስ ለአንድ መምህር በር መክፈት ይቀላቸዋልና።

አሁን ወደ መለዋወጫው ድረ ገጽ። Error 1006 የሚለው ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት በሚጠብቃቸው ድረ ገጾች ላይ ነው የሚወጣው፤ ትርጉሙም የድረ ገጹ ባለቤት ይህን አድራሻ አግዷል ማለት ነው። ክላውድፍሌር በር ጠባቂ ነው፤ ለእሱ ቢጽፉ «ባለቤቱን ጠይቅ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። 1007 እና 1008ም ያው ናቸው። ነገ ሌላ ቁጥር ቢያዩ ግን እንዳያምታታዎ፦ 1005 የኔትወርክ አቅራቢው መለያ ቁጥር በሙሉ ታግዷል ማለት ነው፤ ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም AS24757 ነው። 1009 አገሩ በሙሉ ተከልክሏል። በእነዚህ በሁለቱ ራውተር ማጥፋት ፋይዳ የለውም፣ ጥፋቱም የቀድሞ ተጠቃሚ አይደለም። 1015 ደግሞ በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ተልኳል ማለት ነው፤ በጋራ አድራሻ ላይ የእርስዎና የጎረቤቶችዎ ጥያቄ ተደምሮ ሊያመጣው ይችላል፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይለቃል።

ስለዚህ የሚጻፈው ለባለቤቱ ነው። ድረ ገጹ ስለማይከፈት የመገናኛ ኢሜይሉን በስልክ ዳታ ከፍተው ወይም ከማኅበራዊ ገጹ ይውሰዱት። ደብዳቤው አምስት ስድስት መስመር ይበቃዋል፤ ያነባል ብለው አቤቱታ አያስረዝሙ። ውስጡ የሚያስፈልገው የውጭ አድራሻዎ፣ የስህተቱ ቁጥር፣ ከስህተት ገጹ ግርጌ ያለው Ray ID፣ እና የሞከሩበት ሰዓት ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ አድራሻው በብዙ ደንበኞች የሚጋራ ተለዋዋጭ አድራሻ መሆኑን፣ ከማገድ ይልቅ ሰው መሆንን የሚያጣራ ፈተና ቢያደርጉበት ሁለቱም ወገን እንደሚጠቀም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አይተዋት። «እገዳውን አንሱልኝ» ብቻ ካሉ ለዛሬ ያነሱታል፤ ጎረቤትዎ ነገ ሲያጠፋ ይመለሳል። ፈተና ካደረጉበት ግን አጥፊው ሮቦት ሲቆም እርስዎ ሳጥኗን ነክተው ያልፋሉ።

ሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከእኛ አገር የሚላክ አቤቱታ ውድቅ ከሚሆንበት ምክንያት አንዱ እሱ ነው። የሰርቨር መዝገብ በአብዛኛው በUTC ነው፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ በዚያ ላይ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከጠዋት ነው። ሁለቱን ሲያጋጥሟቸው ቀላል ሒሳብ ይወጣል፦ UTC ላይ ከተጻፈው 3 ሲቀንሱ የግድግዳ ሰዓትዎን ያገኛሉ። መዝገቡ 14:20 ካለ እኛ ዘንድ ከቀኑ 11፡20 ነው። ከ12 በላይ ከሆነ 12 ይቀንሱ፣ ከዜሮ በታች ከወረደ 12 ይጨምሩ፦ 18:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ 01:30 ደግሞ ከሌሊቱ 10፡30። ሲጽፉ በተገላቢጦሽ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከሞከሩ 06:00 UTC ብለው ይላኩ። «3:00» ብለው ከላኩ አስተዳዳሪው በዚያ ሰዓት መዝገቡ ውስጥ ፈልጎ ምንም አያገኝም፣ ደብዳቤውንም ወደ ጎን ያደርገዋል።

ይህ የሰዓት ሒሳብ ለሌላም ይጠቅማል፤ ጥፋቱ በእርግጥ የሌላ ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ «እኔ አላጠፋሁም» የሚል ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ አላጠፋም ማለት አይደለም። የአድራሻዎችን መዝገብ የሚይዘው check.spamhaus.org ላይ የውጭ አድራሻዎን ያስገቡ። PBL የሚል ቢወጣ አይደንግጡ፤ ያ የወንጀል መዝገብ ሳይሆን «ይህ የቤት ደንበኛ አድራሻ ነው፣ በቀጥታ ኢሜይል ሰርቨር ሊሆን አይገባውም» የሚል ምደባ ነው። XBL የሚል ከወጣ ግን በዚያ አድራሻ ቫይረስ ያለበት መሣሪያ ሲሠራ ታይቷል ማለት ነው፤ የታየበትም ሰዓት ሊጻፍ ይችላል። የውጭ አድራሻ ለብቻው የተሰጠው ሰው ቢሆን ያንን ሰዓት ራውተሩ ከተገናኘበት ጊዜ ጋር ያስተያያል። ከመገናኘቱ በፊት ከሆነ የቀድሞው ተጠቃሚ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ምንጩ ቤት ውስጥ ነው። እርስዎ በጋራ አድራሻ ላይ ስለሆኑ ይህ ማነጻጸሪያ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ጎረቤትም ሊሆን ይችላልና።

ለእርስዎ የሚሆነው ሌላ ነው። ማታ ሁሉም ሲተኛ ራውተሩ ገጽ ላይ ገብተው የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ይዩ፤ ከዚያ ወደ ውጭ የተላከውን ዳታ መጠን ጽፈው ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይዩት። ማንም ሳይነካው ሜጋባይቱ በፍጥነት የሚሮጥ ከሆነ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ከዋይፋዩ ያላቅቁና የቱ ሲወጣ እንደሚቆም ይመልከቱ። የስልክ ፎቶ ምትኬም ይህን ያደርጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ያጥፉት። በብዛት የሚያዙት ነጻ ቪፒኤን የተጫነባቸው ስልኮችና ርካሽ የአንድሮይድ ቲቪ ሳጥኖች ናቸው። አንዳንድ ነጻ ቪፒኤን የሚተዳደረው የእርስዎን መስመር ለማያውቁት ሰው መውጫ አድርጎ በማከራየት ነው፤ እዚያ ሰው ሲያጠፋ የሚታየው የእርስዎ አድራሻ ነው። የዋይፋዩን ይለፍ ቃል ለሰፈሩ ሁሉ ከሰጡም ይቀይሩት።

ቪፒኤን የጠቀስኩት እግረ መንገዴን አይደለም። «ቪፒኤን ክፈትና እለፍ» የሚል ምክር መስማትዎ አይቀርም። ለዊኪፔዲያ ፈጽሞ አይሆንም፤ ክፍት ፕሮክሲና ቪፒኤን መውጫዎችን በመርሕ ነው የሚያግደው፣ እገዳቸውም ከቤት አድራሻዎች ይረዝማል። ለመለዋወጫው ድረ ገጽ ምናልባት ይከፍትልዎ ይሆናል፤ የክፍያ ካርድ ቁጥርዎን ግን በማያውቁት ሰው ሰርቨር በኩል ማሳለፍ የለብዎትም።

የቀረው ገንዘብ የሚጠይቀው መንገድ ነው። አቅራቢውን (ቴሌ ከሆነ 994) ሲጠይቁ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» አይበሉ፤ ራውተር አጥፋና አብራ ተብለው ይመለሳሉ። «መስመሬ ላይ የሚደርሰኝ የውስጥ አድራሻ ነው፣ የራሴ የውጭ አይፒ ማግኘት እፈልጋለሁ፣ ምን ያህል ነው?» ይበሉ። ቋሚ አድራሻም ከዚህ በፊት ሰው ይዞት ይሆናልና፣ ሲሰጥዎ በዚያው ቀን በspamhaus እና በሁለቱ ድረ ገጾች ይፈትኑት፤ ታግዶ ካገኙት ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይቀየርልኝ ይበሉ። ጽሑፍ ለማረምና አልፎ አልፎ ዕቃ ለማየት ብቻ ግን ይህን ወጪ አልመክርም። ዛሬ ከትምህርት ቤቱ አካውንቱን ይክፈቱ፣ ለባለሱቁ ኢሜይሉን ይላኩ። ባለሱቁ በሁለት ሳምንት ካልመለሰ ሰዓቱን በUTC መጻፍዎን አረጋግጠው አንዴ ይድገሙት፤ ከዚያም ዝም ካለ ዕቃውን ከሌላ ይግዙ።